ባለፈው ዓርብ ምሳችሁን ላስረፈድንባችሁ የጅማ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ዓርብ ምሳ አዛችሁን በሰዓቱ አላደረስንላችሁም። አንዳንዶቻችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቃችኋል። አንዳንዶቻችሁ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ሲያቅታችሁ ሌላ ቦታ በልታችኋል። የት ደረሰ ብላችሁ ስትደውሉም እውነተኛውን መልስ አልሰጠናችሁም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃችኋለን።

ይቅርታ ብሎ ዝም ማለት ግን በቂ ሆኖ አልታየኝም። ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ በሚቀጥለው ዓርብ ለምን እንደምታምኑን አላውቅም። ስለዚህ የሆነውን፣ የቀየርነውንና የምንመልስላችሁን ገንዘብ በዝርዝር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ዝናቡን ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ስትደውሉ ከእኛ የሰማችሁት ምክንያት እሱ ነበርና። እውነት ነው፣ ዘንቧል። ግን በነሐሴ ጅማ ላይ ዝናብ መዝነቡ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ክረምት ከገባ ጀምሮ በዚያው ዝናብ ውስጥ ስናደርስ ነበር። ዝናቡ ባጃጆቹን በጥቂት ደቂቃ ያዘገያቸው ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያዘገያቸው ግን እሱ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት የትዕዛዝ ደብተሩን፣ የኩሽናውን ወረቀትና የባጃጆቹን የስልክ ጥሪ ሰዓት ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። አንዱን ትዕዛዝ እንዳለ ላሳያችሁ። ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚሄድ፣ ለአራት ሰው የሚሆን የጾም በያይነቱ ነው። ትዕዛዙ የተመዘገበው 6:10 ላይ ነው። ኩሽናው ሠርቶ ያወጣው 6:38 ላይ ነው። ባጃጁ ይዞት የተነሳው ግን 7:20 ላይ ነው። ደንበኞቻችን እጅ የገባው 7:55 ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ምግቡን ለመሥራት 28 ደቂቃ ፈጀ። መንገዱ በዝናብም ቢሆን 35 ደቂቃ ወሰደ። በመካከሉ ያለው 42 ደቂቃ ግን የኩሽናም የመንገድም አይደለም። ምግቡ ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉም የረዘመው ጊዜ ይኸው ነው። ሌሎቹንም ስናይ አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው። ምሳችሁን ያስረፈደው ያ ጠረጴዛ ነው።

ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን ታውቃላችሁ። ያ ምግብ 7:55 ላይ ሲደርስ ቢሮ የሚሠራ ሰው ወደ ወንበሩ ተመልሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምሳ ዘገየ ብቻ አይባልም። ለምሳነት አልደረሰም።

ታዲያ ምግቡ ለምን ጠረጴዛ ላይ ከረመ? ሁለት ምክንያት አለው። ሁለቱንም ያመጣነው እኛ ነን።

አንደኛው የባጃጆቹ አከፋፈል ነው። ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሦስት ባለ ባጃጆች እስካለፈው ዓርብ ድረስ የሚከፈላቸው በትዕዛዝ ነበር። አንድ ጥቅል ካደረሱ የአንድ፣ ሦስት ካደረሱ የሦስት ይከፈላቸዋል። ነዳጁ ግን አንድ ጥቅል ይዘው ቢሄዱም ሦስት ይዘው ቢሄዱም ያው ነው። ስለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ ሦስት ጥቅል እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን ይጠብቃል። የኪቶ ፉርዲሳው በያይነቱ 42 ደቂቃ የቆየው ወደዚያው ሰፈር የሚሄድ ሌላ ትዕዛዝ ሲጠበቅለት ነው። ወደ ጅሬን የሚሄዱ ሁለት ጥቅሎች አጠገቡ ነበሩ። መንገዳቸው ግን አንድ ስላልሆነ አብረው መሄድ አልቻሉም። እነሱም ሦስተኛቸውን ይጠብቁ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከአቅማችን በላይ ትዕዛዝ መቀበላችን ነው። ኩሽናችን በአንድ ሰዓት እስከ 24 ትዕዛዝ ማውጣት ይችላል። አንድ ባጃጅ ግን አድርሶ እስኪመለስ በአማካይ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በአንድ ጉዞ ሦስት ትዕዛዝ ይይዛል። ሦስቱም ሳያርፉ ቢመላለሱ በሰዓት የሚያደርሱት 13 ቢሆን ነው። እንግዲህ ኩሽናው 24 ሲያወጣ የሚሄደው 13 ነው። የቀረው 11 በየሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ይጠራቀማል። ዓርብ ደግሞ ከ5:30 እስከ 6:30 ባለው አንድ ሰዓት ብቻ የተቀበልነው ትዕዛዝ 40 ነው። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በያይነቱ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የቢሮውም ሰው ጊዜ ስላለው ያዛል። ይህን ቀድመን ማወቅ ነበረብን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ወር «ምግባችሁ ይዘገያል» የሚል ቅሬታ ሲበዛ አንድ ተጨማሪ ወጥ ሠሪ ቀጥረን ነበር። ችግሩ ኩሽናው ውስጥ መስሎን ነው። ኩሽናው በእርግጥ ፈጠነ። የፈጠነው ምግብ ግን ጠረጴዛው ላይ ቶሎ ደርሶ ብዙ ከመጠበቅ ያለፈ ለውጥ አላመጣም። ጀበና ሆዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚቀዳው በአፉ ልክ ነው። የእኛ አፍ ባጃጁ ነበር፤ እኛ ሆዱን ነው ያሰፋነው።

በዚያ ላይ ከሦስቱ ባለ ባጃጆች ሁለቱ 6:30 ገደማ ለጁምዓ ሶላት ይሄዳሉ፤ የሚመለሱትም ከ7:20 በኋላ ነው። ይህን የጻፍኩት እነሱን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። ጁምዓ በየሳምንቱ ዓርብ አለ፤ ሰዓቱም ይታወቃል። ጅማ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ ይህን ሳያስብ ትዕዛዝ የሚቀበል ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ባጃጅ ብቻ ይዘን በሦስት ባጃጅ ልክ ቃል ገባን።

አሁን ከመዘግየቱም የሚብሱ ሦስት ነገሮች አሉ። እነሱን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም።

የመጀመሪያው የስልክ መልሳችን ነው። ስትደውሉ «ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ነው» ተብላችኋል። ለብዙዎቻችሁ ይህ እውነት አልነበረም። ምግቡ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስልኩን የምታነሳው ልጅ የምትቀመጠው ካሸሩ ጋ ነው። ከዚያ ሆና ጠረጴዛው አይታያትም። ምግቡ ከኩሽና ከወጣ «ወጥቷል» በዪ ብለን የነገርናት ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ የተናደዳችሁባትን ሁሉ በእኔ ላይ አድርጉት። «ገና አልተነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» ብንላችሁ ኖሮ ሌላ ነገር ለመብላት ጊዜ ነበራችሁ። የተሳሳተው መልስ ያንን ዕድል ነጠቃችሁ።

ሁለተኛው የጥቅል መቀያየር ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ፌስታል ሲደራረብ ሁለት ትዕዛዝ ተቀያየረ። ለጾመኛ ቤተሰብ ጥብስ ሄደ። ለሌላው ቤት ደግሞ በያይነቱ ደረሰ። በፍልሰታ፣ ያውም በዓርብ፣ የጾመኛ ሰው ማዕድ ላይ ሥጋ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ሁለቱንም ቤተሰቦች በአካል ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ደግነታቸው በዝቶ በትዕግሥት ተቀብለውናል። ያ ግን ጥፋቱን አያቀልልንም።

ሦስተኛው ሆስፒታል ያሉ ሰዎች ጉዳይ ነው። አስታማሚዎች ከእኛ ያዝዛሉ። ዓርብ ዕለት አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ምግቡን ሲጠብቁ ቆዩ። ልጃቸው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ምግቡ ደርሷል ስንላቸው ኢንሱሊኑን ሊወጋ ሲል ነርሷ ምግቡን ሳታይ አይሆንም ብላ ከለከለችው። እግዚአብሔር ይስጣት። ከምግብ በፊት የሚወሰድ ኢንሱሊን ተወግቶ ምግቡ ሳይመጣ ቢቀር የሰውዬው ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። ያ አደጋ ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር የተያያዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ አደራ፣ ምግቡ እጃችሁ ሳይገባ በእኛ ሰዓት ተማምናችሁ እንዳትሰጡት። ስታዙ ብቻ ንገሩን። ማድረስ ከቻልን ከሁሉም በፊት ብቻውን እንልከዋለን። ካልቻልን እዚያው እንነግራችኋለን።

ስለ ምግቡ ደኅንነትም ጠይቃችሁናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የበሰለ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ፣ በክፍል ሙቀት ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ነው። ዓርብ ከሁሉም የዘገየው ትዕዛዝ ከኩሽና ወጥቶ እስኪደርስ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ገደማ ፈጅቷል። ከሁለቱ ሰዓት አላለፈም። ግን ተጠግቶታል። ቀዝቅዞ እንደደረሰም ምንም ጥርጥር የለውም። ከዚያ ምግብ ተርፎ ፍሪጅ ሳይገባ ውጭ ያደረ ካለ አትብሉት፣ ጣሉት። የእሱንም ገንዘብ እንመልሳለን።

እንጀራው ለምን እንደራሰም ላስረዳ። ትኩስ ሽሮና ምስር እንጀራ ላይ ፈሶ፣ ክዳን ተገጥሞበት፣ በፌስታል ታስሮ ሲቀመጥ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ወደ ክዳኑ ወጥቶ ይቀዘቅዝና ተመልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ብዙም አይታወቅም። ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን የታችኛው እንጀራ ከሣህኑ ጋር ይጣበቃል፣ ሲያነሱት ይቆራረጣል። ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡ ቀዝቃዛ የውኃ ጠብታ ካለና እንጀራው ከታች ከራሰ ያ ምግብ ብዙ ቆሟል ማለት ነው። መንገድ ላይ ነበር ብንላችሁ እንኳ አትመኑን።

አሁን ወደ ቀየርነው ልሂድ።

ከሰኞ ጀምሮ ባለ ባጃጆቹ የሚከፈላቸው በጉዞ ነው። አንድ ጥቅል ይዘው ቢሄዱም የጉዞው ሙሉ ክፍያ አላቸው። ማንኛውም ጥቅል ከታሸገ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ጓደኛ ቢያገኝም ባያገኝም ይሄዳል። ይህ ወጪያችንን ይጨምራል። የጨመረውን ወጪ ግን ከእናንተ አንጠይቅም፤ የማድረሻ ዋጋው ያው ነው።

በሰዓት የምንቀበለው የማድረሻ ትዕዛዝ 12 ብቻ ነው። 12 ሲሞላ ስልኩን የምታነሳው ልጅ «አሁን ሞልቷል፣ ቀጣዩ ከዚህ ሰዓት በኋላ ነው» ትላችኋለች። መጥታችሁ መውሰድ ከፈለጋችሁ ኩሽናው ይሠራላችኋል። ይህ ሊያናድዳችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁንም ልናጣ እንችላለን። ሆኖም 6:00 ላይ «አንችልም» መባል 7:55 ላይ ቀዝቃዛ ሽሮ ከመቀበል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት የሚሠሩ ሌሎች ሁለት ባለ ባጃጆች ተዋውለናል። ሶላት የሚሄዱት ተረጋግተው ይሰግዳሉ፤ የባጃጁም ቁጥር ከሦስት አይወርድም። ከሁለቱ አንዱ ቢቀርብን የምንቀበለው ትዕዛዝ በዚያው ልክ ወደ 8 ይቀንሳል።

ስልኩ ከካሸር ተነስቶ ጠረጴዛው አጠገብ ሆኗል። የምታነጋግራችሁ ልጅ ጥቅላችሁን እያየች ነው የምትመልስላችሁ። «ተነስቷል» የምትለውም ባጃጁ ላይ ሲጫን ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ምግቡ ከኩሽና የወጣበት ሰዓት በእስክሪብቶ ይጻፋል። የጾም ከሆነ አረንጓዴ፣ የፍስክ ከሆነ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሲደርሳችሁ ሰዓቱን እዩት። ከተጻፈው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ላለመቀበል መብት አላችሁ። ባለ ባጃጁ አይከራከራችሁም፤ የሱም ገንዘብ አይቆረጥበትም። ወጡን ከእንጀራው ለይተን በክዳን ዕቃ፣ እንጀራውን በወረቀት ጠቅልለን መላክ ጀምረናል። ራቅ ወዳሉት ሰፈሮች ግን በጣም በዘነበ ቀን መንገዱ ራሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያንን ማሳጠር አንችልም። ስታዙ እንነግራችኋለን።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ ካዘዛችሁ በኋላ ምግቡ ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀባችሁ ሁሉ የማድረሻ ክፍያችሁ ይመለሳል። ከ7:30 በኋላ ለደረሳችሁ፣ የሌላ ሰው ምግብ ለደረሳችሁ፣ ወይም ጠብቃችሁ ለተዋችሁት ሙሉ ዋጋው ይመለሳል። ማመልከት አያስፈልግም፤ ስልካችሁና የደረሰበት ሰዓት ደብተራችን ላይ አለ። በቴሌብር ባዘዛችሁበት ቁጥር እንልካለን። በእጅ የከፈላችሁም በዚሁ መንገድ ታገኙታላችሁ፤ ቴሌብር የሌላችሁ ደግሞ መጥታችሁ በጥሬ ገንዘብ ትወስዳላችሁ። ምግቡን በላነውኮ የምትሉ አላችሁ። ብትበሉትም ይመለሳል። ገንዘቡን ለማግኘት እንደገና ማዘዝም አይጠበቅባችሁም።

ከዚህ ሌላ ዓርብ ዕለት ያዘዛችሁ ሁሉ፣ በሰዓቱ የደረሳችሁም ጭምር፣ እስከ መስከረም 30 ድረስ አንድ ጊዜ ያለ ማድረሻ ክፍያ ማዘዝ ትችላላችሁ። ትንሽ ነገር መሆኗን እናውቃለን። «ግማሽ ዋጋ አድርጉት» ያሉን ወዳጆች ነበሩ። አስበንበት ተውነው። ግማሽ ዋጋ ብንል ሁላችሁም በአንድ ቀን ታዝዙና ያው ጠረጴዛ እንደገና ይሞላል። የነጻ ማድረሻው በየትኛውም ቀን ይሠራል። ዓርብም ቢሆን በሰዓት ከ12ቱ ውስጥ ከገባችሁ ይሠራል።

የማንመልሰው ነገርም አለ። እንግዳ ጠርታችሁ ባዶ ገበታ ላይ የተቀመጣችሁ ነበራችሁ። የልጆቻችሁን ምሳ ለእኛ ትታችሁ ልጆቹ ተርበው የቆዩባችሁ ነበራችሁ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለንም። ደውላችሁ ብትነግሩን ግን እኔ ራሴ አዳምጣችኋለሁ።

ገንዘቡን መላክ ጀምረናል። እስከ ማክሰኞ ማታ 12:00 ሰዓት ያልደረሳችሁ በምታዙበት ቁጥር ደውሉ። ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 5:00 ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ደብተሩን ከፊቴ አድርጌ የእናንተን ትዕዛዝ አብረን እናያለን። የሰዓቱ ምዝገባ ከእናንተ ትዝታ ጋር ካልገጠመ የእናንተን እንይዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ከመላው ሠራተኞች ጋር
ሄርማታ፣ ጅማ